ማንም ያልጠየቀው ሁለተኛ መነሻ

ኖሊን ፓስኮ ክፍሌ በር ላይ የቆመች ዕለት የጽዳት ሠራተኛ መስላኝ፣ «ቅርጫቱ ከበሩ ኋላ ነው» አልኳት። ኩራት ተሰምቶኝ አይደለም የምናገረው። እሷም ቅርጫቱን አየት፣ እኔን አየት አደረገችና፣ «እኔ እንኳ ፍልስፍና ልማር ነበር የመጣሁት፤ ካስቸገረህ ግን እደፋልሃለሁ» አለች። ደፍታም መጣች። ባዶውን ቅርጫት ቦታው መልሳ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ ደብተሯን ገለጠች። አሥራ አንዱ ተማሪ በሳቅ ሲንከተከት እኔ ጣራ ጣራውን አይ ነበር።

ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። የፖም አገር ልጅ ናት፤ ከደሴታችን ዋና ከተማ ከሆባርት በስተ ደቡብ፣ ሸለቆው ውስጥ። በአሥራ አምስት ዓመቷ ትምህርት ትታ ፖም ማሸጊያ መጋዘን ገባች፤ ሜርቭ የሚባል ሣጥን ተሸካሚ አገኘችና አገባችው። ከዚያ ከተማ ገብተው እሷ ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት መዝናኛ ክበብ ለሕፃናት ኬክና ፓይ የሚሉትን ሥጋ የተሞላ ቂጣ ሸጠች። ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ባሕሩን ተሻግረው ዋናው ምድር ላይ ቀሩ። ዩኒቨርሲቲ ምን ልትሠራ እንደመጣች አንድ ቀን ብጠይቃት፣ «ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጆች ‹ለምን?› ሲሉኝ ‹ስለተባለ ነዋ!› እያልኩ ኖርኩ። በቃ ሰለቸኝ» አለችኝ።

እኔ ኢዋን ሪንቱል እባላለሁ። በሰዓት የሚከፈለኝ የሴሚናር አስተማሪ ነኝ። መቀመጥ አልችልም፤ ሲያስተምሩኝም አልተቀመጥኩም፣ ሳስተምርም አልቀመጥም። እስክሪብቶ አኝካለሁ፣ ሰዓት አያለሁ፣ ሰው ሐሳቡን ሳይጨርስ እጨርስለታለሁ። እናቴ «አንተ ልጅ፣ ለቀብርህም ቀድመህ ነው የምትደርሰው» ትለኝ ነበር።

ሴሚናሬ ሕግ አለው። ተራው የደረሰ ተማሪ ሁለት ገጽ ጽፎ ሰኞ ለሁላችንም ይልካል። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ጠረጴዛውን እንከባለን፤ ጸሐፊው ዝም ይላል። ሌላ ተማሪ ጠያቂ ሆኖ ይነሳና ጽሑፉን በትኖ ሰሌዳው ላይ በቁጥር ይደረድረዋል፤ መነሻ አንድ፣ መነሻ ሁለት፣ ድምዳሜ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ነው ያለው። መጀመሪያ፣ መነሻዎቹ እውነት ናቸው ብንል ድምዳሜው የግድ ይከተላል ወይ? ቀጥሎ፣ መነሻዎቹ ራሳቸው እውነት ናቸው ወይ? ጸሐፊው አፉን የሚከፍተው በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። አንድ ሕግ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ «እኔ» ብሎ ነገር የለም። የራስ ታሪክ፣ የቤት ጣጣ፣ የሆድ ብሶት ወደ ውጭ። «በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ሙግት እንጂ ሰው የለም» እላለሁ በየዓመቱ። ስናገረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ያደርጋል!

በሚያዝያ አንድ ሐሙስ የኖሊን ተራ ደረሰ። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ መስኮቱን ያንገጫግጨዋል፤ እኔም ከመስኮቱ ወደ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ። ጠያቂዋ ብሪዲ ነበረች፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ምላሷ ምላጭ። የኖሊንን ሁለት ገጽ ሦስት መስመር አደረገችው።

«መነሻ አንድ፤ ቃል የገባን ሰው ቃሉ የሚያስረው፣ ቃል የተገባለት ሰው ወይ ቃሉን መጠየቅ ወይ ‹ምሬሃለሁ› ብሎ መፍታት ሲችል ብቻ ነው። መነሻ ሁለት፤ ‹ለ› አእምሮው በበሽታ ስለተጎዳ ሊጠይቅም ሊፈታም አይችልም። ድምዳሜ፤ ስለዚህ ‹ሀ› ለ‹ለ› የገባው ቃል አያስረውም።»

«ጥሩ። ይከተላል?» አልኩ።

«ይከተላል» አለች ብሪዲ። «ቃል የሚያስረው ከሁለቱ አንዱ ሲቻል ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱም ካልተቻሉ አያስርም። ሁለቱን መነሻዎች ተቀብሎ ድምዳሜውን እምቢ ማለት አይቻልም። ኖሊን፣ አካሄዱ ንጹሕ ነው፤ ቆብ አነሳሁልሽ።»

ኖሊን ራሷን ነቀነቀች። የደብተሯን ጠርዝ ታጥፍና ትዘረጋ ነበር። እኔ ፈተና መሰላት ብዬ አለፍኩት።

«እንግዲህ መነሻዎቹ!» አለች ብሪዲ፤ እጇን አሻሸች። «መነሻ አንድን አልገዛም። ጎረቤቴ አሮጊት ልትሞት ስትል ‹ውሻዬን አደራ› አለችኝ እንበል። እሺ አልኩ። ሞተች። አሁን መጠየቅ ትችላለች? አትችልም። መፍታትስ? አትችልም። ታዲያ በማግሥቱ ውሻውን ሜዳ ላይ ብጥለው ምንም አላጠፋሁም ማለት ነው? ኧረ ተዉ!»

ጠረጴዛው ጋለ። አንዱ፣ «ወራሾቿ ይጠይቁሻል» አለ። ብሪዲ፣ «ወራሽ የላትም። ውሻውም አያወራም» ብላ አፉን ዘጋችው። ሌላው፣ «የሚያስርሽ ቃሉ ሳይሆን ለውሻው ማዘን ቢሆንስ?» ሲል፣ «እሺ ውሻውን ተወው፤ ደብዳቤዎቿን ሳላነብ እንዳቃጥል ቃል ገብቼላት ነበር እንበል። ወረቀት አያሳዝንም» አለች። እኔ ደስታዬን አልችለውም። ለሞቱ ሰዎች የተገቡ ቃሎችን አርባ ደቂቃ ስናገላብጥ ቆየን። መነሻ ሁለትን ግን አንድም ሰው አልነካትም። ሰሌዳው ላይ ተጽፋ አየናት፣ የሐኪም ነገር መሰለችን፣ አለፍናት። የእኛ የፍልስፍና ሰዎች በሽታችን ይኼ ነው፤ ትልቁን ሐሳብ ለማፍረስ ስንሯሯጥ ትንሿን ጉዳይ እውነት ናት ብለን እንሻገራለን።

ለዘጠኝ ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ኖሊን እንድትናገር ፈቀድኩ። «ደብዳቤዎቹ ይከብዳሉ። መልስ የለኝም» አለች።

«እንግዲያው መነሻ አንድ ወደቀ» አለች ብሪዲ፤ ቦርሳዋን እያነሳች። «ስለዚህ ‹ሀ› ቃሉ ያስረዋል። ማምለጫ የለውም።»

ይኼን ሰማሁ። ስሕተት መሆኑንም አውቄአለሁ። ነገር ግን የሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች በሩ ላይ ይጋፉ ነበር፤ እኔም «በጣም ግሩም ነው፣ በሚቀጥለው ሐሙስ!» ብዬ ሰሌዳውን ጠረግኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ኖሊን የብሪዲን የመጨረሻ ቃል ደብተሯ ላይ ስትጽፍ አይቻታለሁ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢሮዬ ውስጥ የቀዘቀዘ የስካሎፕ፣ የባሕር ዛጎል ሥጋ ፓይ ስበላ በሩ ተንኳኳ። ኖሊን ናት። አልተቀመጠችም።

«ላመሰግንህ ነው የመጣሁት» አለች። «ወስኛለሁ። ሜርቭን ነገ አወጣዋለሁ። አልጋውን ለሌላ ይስጡት።»

«ሜርቭ ማነው?»

«‹ለ› ነዋ።»

ፓዩን አስቀመጥኩት። ጽሑፉ ላይ «ሀ» ወንድ ነበር፤ «የገባው»፣ «አያስረውም» እያለች ራሷን በፊደል ሸፍና ወንድ አድርጋ ነበር ያቀረበችው። ሕጌ ነዋ ያስገደዳት!

ያኔ ነገረችኝ፤ ቆማ፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ። ከስድስት ዓመት በፊት ሜርቭ የመርሳት በሽታው የተነገረው ዕለት ወጥ ቤት ተቀምጦ፣ «ኖል፣ እናቴን ያስገባንበት ዓይነት ቤት እንዳታስገቢኝ» አላት። «በሕይወቴ አላስገባህም» አለችው። ባለፈው ሰኔ መታጠቢያ ቤት ወደቀ። ልታነሳው ስትል ወገቧ ከዳት፤ ጎረቤት እስኪሰማቸው ድረስ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሁለቱም ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተጋድመው ቆዩ። ሐኪሙ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚው፣ ከዚያ በኋላ አንቺም አትራመጂም» አላት። ለጊዜው ብላ መጦሪያ ቤት አስገባችው። አሁን ግን ቋሚ ማድረጊያው ወረቀት ነገ እስከ እኩለ ቀን ካልተፈረመ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«ሙግቴ ቢቆምልኝ ልፈርም ነበር» አለች። «አልቆመም። ብሪዲ አፈረሰችው፣ አንተም ግሩም ነው አልክ። እንግዲህ ቃሌ ያስረኛል፤ ወደ ቤት ይመጣል። ወገቤ የራሱ ጉዳይ።»

«እንዴ! ቆይ፣ ቆይ!» ብድግ አልኩ። አፈር ልብላ የሚያሰኝ እፍረት ነው የተሰማኝ። «ኖሊን፣ ስሚኝ። ብሪዲ ተሳስታለች፤ እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። ሙግት ሲወድቅ ድምዳሜው የግድ አብሮ አይወድቅም።»

«አሁን ደግሞ ልታጽናናኝ ነው?»

«አላጽናናሽም! ይኼን አድምጪ። እንቁላል የሚጥል ሁሉ ወፍ ነው፤ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ስለዚህ ዶሮ ወፍ ናት። ይከተላል?»

አሰበች። «ይከተላል።»

«የመጀመሪያው መነሻስ እውነት ነው?»

«ኧረ እንዴት ተብሎ! ጡት እያጠባ እንቁላል የሚጥለው ፕላቲፐስ አለ አይደል፤ ከቤታችን ኋላ ወንዙ ውስጥ ሞልቶ።»

«ስለዚህ መነሻው ወደቀ። ዶሮ ወፍነቷ ቀረ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። «ስለዚህ ላያስረኝም ይችላል» አለች።

«ሊያስርሽም ላያስርሽም ይችላል። ያቺ ሙግት አያስርም የሚለውን አላሳየችም፤ መውደቋ ደግሞ ያስራል የሚለውን አያሳይም። ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ተነስተሽ ማንንም ሰው ከየትም ማውጣት አትችይም።»

ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። እዚህ ላይ ዝም ብል፣ ፓዬን ብጨርስ፣ እሷም ቀለል ብሏት ብትሄድ ምን ነበረበት? አፌን በቆረጠው! ዓይኔ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ወደተቀመጠው ጽሑፏ ሄደ። ሁለተኛውን መነሻ ሳነብ ጥያቄው ሳላስበው አመለጠኝ።

«መነሻ ሁለትን ማንም አልጠየቀሽም። እውነት ነው? መጠየቅ አይችልም?»

ኖሊን ጽሑፏን ከጠረጴዛው አነሳችው። ፊቷ ቀላ።

«ሐኪሙ የሰጠኝ ወረቀት ላይ ‹መወሰን አይችልም› ይላል» አለች።

«እሱ ስለ ፊርማና ስለ ገንዘብ ነው። እኔ ስለ ቃሉ ነው የጠየቅኩሽ።»

«ምን ቀረህ ኢዋን! ሰው የለም አላልክም እንዴ? ሙግት ብቻ ነው አላልክም?» ጮኸችብኝ። ከጎን ያለው ቢሮ ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። «በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ባርኔጣውን አድርጎ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። የልጆቹን ስም አያውቅም። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ አያውቅም። እኔ ስገባ ግን፣ ‹እንሂድ በይ ኖል፤ እዚህ አልተውህም ብለሽኝ የለ› ይለኛል። በየቀኑ! እያወቅሁ ነው አይችልም ብዬ የጻፍኩት። አሥራ አንድ የተማሩ ልጆች ካለፏት እውነት ትሆናለች ብዬ ነው። ይኸው፣ ደስ አለህ?»

ደስ አላለኝም። እውነቱን ለመናገር አልቅስ አልቅስ ነው ያለኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ከሙታን ጋር ስንሟገት፣ በሕይወት ያለው ሰውዬ በር ላይ ተቀምጦ ሲጠይቅ አንዳችንም አላየነውም። ሕጌ አፏን ዘግቶባታል፤ እሷም በሕጌ ተደብቃለች። ከሁለታችን ማን እንደሚብስ እንጃ፤ አስተማሪው ግን እኔ ነበርኩ።

እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ሰዓቷን አየች። «መጠየቅ ከቻለ መፍታትም ይችል ይሆናላ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። «እኔ እኮ ‹ፍታኝ› ብዬው አላውቅም። አንድም ቀን። መኪና አለህ?»

በመኪናዬ ወደ መጦሪያ ቤቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ነዳን። ድልድዩ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ስንቆም መሪውን በጣቶቼ እደበድብ ነበር፤ እጇን ሰድዳ ጣቶቼን ያዘቻቸው። «ተው የኔ ልጅ፣ ታስበረግገኛለህ» አለች።

ሜርቭ ረጅም፣ የከሳ ሰው ነው። ባርኔጣውን አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። እኔን ዞር ብሎም አላየኝ። እኔ መቀመጥ ስላልቻልኩ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን የምሳ ዝርዝር ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ የሚሉትን ግን አንድም ሳይቀር እሰማ ነበር።

«ኖል። እንሂድ በይ።»

ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ሁለቱን እጆቹን ያዘች። «ሜርቭ፣ እንዲህ ያለ ቤት አላስገባህም ብዬህ ነበር። ታስታውሳለህ?»

«ብለሽኛል።»

«ወገቤ ሄዷል። ላነሳህ አልችልም። ብትወድቅ አብሬህ ነው የምወድቀው። እባክህ ከቃሌ ፍታኝ። እዚህ ሁን፣ እኔ በየቀኑ እመጣለሁ።»

ሜርቭ አያት። ሐሳቡ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ ሳይቆጣ፣ «አይ፣ ኖል። አልፈታሽም። ወደ ቤቴ ነው የምሄደው» አላት።

እጆቹን አልለቀቀችም። «እሺ» አለች። ግንባሩን ሳመችውና ተነስታ በአጠገቤ አልፋ ሄደች።

ኮሪደሩ ላይ ተከተልኳት፤ አፌም ቸኮለ። «ኖሊን፣ የተናገረው ገብቶታል ብለን በእርግጠኝነት መናገር አንችልም እኮ። በሽታው…»

ዞረች። «‹እሺ፣ ፈትቼሻለሁ› ቢለኝ ኖሮ እንደዚህ ትለኝ ነበር?»

«አልልሽም ነበር» አልኩ።

«እኔ ግን ቢፈታኝ አንዴም ሳልጠይቅ እቀበለው ነበር» አለች። «ስለዚህ እምቢታውንም እቀበላለሁ። ሲጠቅመኝ ብቻ ሰው ላደርገው አልችልም።»

ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በሴሚናሬ ከሰማኋቸው ሁሉ የላቀው መልስ ይኼ ነው፤ የተሰጠውም የፍራፍሬ ጭማቂ በፈሰሰበት ምንጣፍ ላይ ነው። እኔ እንግዲህ ሜርቭን ይዛው ትወጣለች ብዬ የመኪናዬን ቁልፍ አውጥቼ ነበር። እሷ ግን በቀጥታ ወደ መጦሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ቢሮ ገባች። በመስታወቱ አየኋት፤ መነጽሯን አደረገች፣ ቋሚ ማድረጊያውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ፈረመች።

መኪናው ውስጥ ስንገባ ሞተሩን አላስነሳሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ በሕይወቴ ሳልቸኩል የቆየሁት ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ኖሊን ቀበቶዋን አሠረች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደፊት እያየች፣ ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፍ በቁጥር ተናገረች።

«አንድ፤ ቃል ገብቼለት ነበር። ሁለት፤ አልፈታኝም፣ ቃሉም ያስረኛል። ሦስት፤ ዛሬ አፈረስኩት፤ ላነሳው ስለማልችል ማፍረስም ነበረብኝ። ከሁለተኛው ተነስቶ ሦስተኛው ስሕተት ነበር ማለት ይከተላል?»

«አይከተልም» አልኳት። «የሚያስር ቃልም ከእሱ የበለጠ ምክንያት ሲመጣ ሊፈርስ ይችላል።»

«አልበደልኩትም ማለትስ ይከተላል?»

ምነው በሐሰት መመለስ በቻልኩ ብዬ ተመኘሁ።

«እሱም አይከተልም።»

«አዎ» አለች። «እኔም እንደዚያ ነው ያገኘሁት።» ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ እኔም እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጥኩ።